«ኮዲቼ ፊስካሌ»ን በአማርኛ መዝገብ ማስገባት፦ የ11 ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1

ሮም ውስጥ እሁድ ከሰዓት በኋላ ለአዲስ መጪዎች ፎርም እንሞላለን። ሦስት ሰዎች ነን፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ። የሚጠየቁት ቃላት ሁሌም አንድ ዓይነት ስለሆኑ በአማርኛ ከነማብራሪያቸው ጽፈን ለማተም ተስማማን። ጎግል ሺት ላይ ሁለት ዓምድ ከፈትኩ፤ በግራ ጣሊያንኛው፣ በቀኝ አማርኛው። 64 ቃል ሰበሰብን። አርባውን በአንድ ማታ ሞላሁት። እንዲህ ሲፈጥን ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

የጻፍኩት ይህን ይመስላል። ኮዲቼ ፊስካሌ፦ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር። ማርካ ዳ ቦሎ፦ ቴምብር። ሬዚዴንሳ፦ መኖሪያ። ዶሚቺሊዮ፦ መኖሪያ አድራሻ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን አይቼ ዝም አልኩ።

ሳምንት 2

የመጀመሪያው ስህተት በሰባት ቀን ውስጥ ተመልሶ መጣ። ዝርዝሩን በስልኳ የወሰደች አንዲት እህት «ኮዲቼ አውጥተሻል?» ስትባል «ሥራ ገና አልያዝኩም፤ ግብር የምከፍልበት የለኝም፤ ምን ያደርግልኛል?» አለች። ቃሏ ከእኔ ዝርዝር የተቀዳ ነው። አገር ቤት ቲን ቁጥር የሚያወጣው የሚነግድ ወይም የሚቀጠር ሰው ነው። እኔም ስሙን ቃል በቃል ስተረጉም ያንን አሳብ አብሬ አስገባሁት።

ጣሊያን ውስጥ ግን ዛሬ የተወለደ ሕፃንም ኮዲቼ ፊስካሌ አለው። በ1973 በሕግ ሲደነገግ መነሻው በእርግጥ ግብር ነበር። አሁን ግን ቤት ለመከራየት፣ ሲም ካርድ ለማውጣት፣ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት፣ የቤተሰብ ሐኪም ለመመዝገብ ሁሉ ይጠየቃል። እህታችን ሐኪም ሳትመዘገብ የቀረችው በዚች በአንዲት «ግብር» በምትል ቃል ነው።

ትርጉሙን ሰርዤ በቦታው ይህን ጻፍኩ፦ «የጣሊያን መንግሥት እያንዳንዱን ሰው የሚለይበት ባለ 16 ፊደልና አኀዝ መለያ። ሥራ የሌለውም፣ ሕፃኑም ያወጣል። የሚሰጠው የግብር መሥሪያ ቤቱ አጄንሲያ ዴሌ ኤንትራቴ ነው፤ በነፃ።» «በነፃ» የምትለዋን አስምሬባታለሁ። ለዚህ ብር የተቀበለ ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ።

ሳምንት 3

ክርክር ገጠምን። ከሦስታችን አንዱ፣ አገር ቤት አስተማሪ የነበረው፣ «ለሁሉም የአማርኛ ስም እናውጣለት፤ መዝገብ ያለ ትርጉም ምን መዝገብ ነው?» አለ። «ሁለንተናዊ መለያ» የሚል አቀረበ። ጥሩ ስም ነው። ግን መስኮቱ ጋ ቆመህ «ሁለንተናዊ መለያ» ብትል ጣሊያኑ አይሰማህም፣ ሐበሻውም አይገባውም። እዚህ ያለው ሰው እርስ በርሱም ቢሆን የመኖሪያ ፈቃዱን «ሶጆርኖዬ ደረሰ»፣ መለያውን «ኮዲቼህን አምጣ» ነው የሚለው።

እናም ወሰንን። ጣሊያንኛው ቃል በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ እንደ አማርኛ ቃል ይቆጠራል። አማርኛው የሚመጣው በማብራሪያው ነው። ስም አናወጣም፣ እንገልጻለን። አስተማሪው ወዳጃችን ግማሽ ልቡ አልተስማማም፤ «ይሁን እስቲ» ብሎ አለፈ።

በዚሁ ሳምንት የሁለት ዓምዱን ሰንጠረዥ ጣልኩት። አሁን እያንዳንዱ ቃል እንዲህ ይያዛል፦

```
it: codice fiscale
am: ኮዲቼ ፊስካሌ
alias: ኮዲቼ, ኮዲሴ, ኮዲች, CF
what: ሰውን የሚለይ ባለ 16 ፊደልና አኀዝ
who: አጄንሲያ ዴሌ ኤንትራቴ
not: የሥራ ፈቃድ አይደለም፤ ሶጆርኖ አይደለም
check: መጨረሻ የታየበት ቀን
```

ከሁሉም የጠቀመን `not` የምትለው መስመር ናት። ሰው የሚሳሳተው ቃሉን ስለማያውቅ ብቻ አይደለም፤ ከሌላ ቃል ጋር ስለሚያምታታውም ነው። `check` የተጨመረችው ክፍያና ደንብ ስለሚቀያየር ነው። ቀን የሌለበትን ዋጋ ማንም እንዳያምን።

ሳምንት 4

አጻጻፍ። «ኮዲቼ»ን ሦስታችን በሦስት መንገድ ጽፈነዋል። ደንቡን እንዲህ አደረግን፦ ጣሊያኑ ሲናገር እንደሚሰማው ይጻፍ፤ ሰው እንደለመደው የሚጽፈው ደግሞ በ`alias` ውስጥ ይግባ። ስለዚህ ሶጆርኖ፤ ኩዌስቱራ፣ ማለትም ፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ፤ ኮሙኔ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ። ኮኞሜ፣ ማለትም የቤተሰብ ስም፣ ደስ ያሰኘኝ ቃል ነው። በላቲን ፊደል ሲያዩት ሁሉም «ኮግኖሜ» ይለዋል። የእኛ «ኞ» ግን ጣሊያኖች gn ብለው በሁለት ፊደል የሚጽፉትን ድምፅ በአንድ ፊደል ትይዘዋለች።

ቅደም ተከተሉን ግን አበላሸሁት። በሀሁ ተራ ደረደርኩት። ለሙከራ አንድ አባት ደብዳቤ ይዘው መጡና ቃሉን ለመፈለግ አሥር ደቂቃ ፈጀባቸው። በእጃቸው ያለው ወረቀት በላቲን ፊደል ነው፤ እንዴት እንደሚነበብ ካላወቁ በሀሁ የት ብለው ይፈልጉ? አሁን ዋናው ተራ በላቲን ፊደል ነው፤ ከኋላ የሀሁ ማውጫ አለ። ገጹ በአራት ጨመረ።

በስልክ ለሚፈልጉ ሌላ ጣጣ መጣ። አንዱ «ሕክምና» ይላል፣ ሌላው «ህክምና»። መጀመሪያ የጻፍኩት ኮድ ሐን ወደ ሀ ብቻ ይቀይር ስለነበር «ሐኪም»ን ያገኛል፣ «ሕክምና»ን ያልፋል። ሰባቱንም ቤት መቀየር ነበረብኝ፦

```python
pairs = ["ሐሀ", "ኀሀ", "ሠሰ", "ዐአ", "ፀጸ"]
t = {ord(a)+i: ord(b)+i
     for a, b in pairs for i in range(7)}
word = word.translate(t)
```

ይህ ለፍለጋ ብቻ ነው። የሚታየው ጽሑፍ አይነካም፤ አስተማሪው ወዳጃችን «ሠ»ን ከነካሁበት ይገድለኛል።

ሳምንት 5 እና 6

እነዚህ ሁለት ሳምንታት ያለቁት በኮዲቼ ፊስካሌ ብቻ ነው። «16 ፊደልና አኀዝ» ማለት አልበቃም። ሰው የራሱን ኮዲቼ አንብቦ ስህተት መኖሩን እንዲያውቅ አፈታቱን ማስገባት ነበረብን።

ለምሳሌ የሚሆን ኮድ አስፈለገ። መጀመሪያ ያስገባሁት የአንዲት ጓደኛችንን እውነተኛ ኮድ ነበር፤ ስሟን ብቻ ደብቄ። ሁለት ቀን ሳይሞላ አነሳሁት። ኮዱ ራሱ ጾታዋን፣ የልደት ቀኗንና የተወለደችበትን አገር ይናገራላ! ምን ደበቅኩ ታዲያ? ከዚያ የማንም ሊሆን የማይችል ኮድ ሠራሁ፦ ፌብሩዋሪ 30 የተወለደች «አልማዝ ከበደ»። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 30 አለ፤ በእነሱ ፌብሩዋሪ 30 የለም።

```
KBD LMZ 90 B 70 Z315 + 1
```

KBD ከአባት ስሟ ነው። ከኮኞሜው ላይ አናባቢዎቹ ይዘለላሉ፤ ከሚቀሩት ተነባቢዎች የመጀመሪያዎቹ ሦስት ይወሰዳሉ። LMZ ከስሟ። 90 የተወለደችበት ዓመት፣ B ደግሞ ፌብሩዋሪ። የወሮቹ ፊደላት በተራ አይሄዱም፤ እስከ ሜይ ድረስ ከA እስከ E ናቸው፣ ጁን ግን H ነው። 70 ቀኗ ነው፤ ለሴት በቀኑ ላይ 40 ይደመራል። Z315 ኢትዮጵያ። የመጨረሻዋ ፊደል ከፊት ካሉት 15ቱ በስሌት የምትገኝ መቆጣጠሪያ ናት፤ እኔ ሆን ብዬ ተውኳት።

«ለሴት 40 ይደመራል» የምትለው መስመር ብቻዋን ሁለት ሰው ጠቀመች። አንዷ እህት ኮዷ ላይ 14 የሚል አገኘች። በ14 ተወልዳለች፣ ልክ ነው ብላ አምስት ወር ይዛው ኖራለች። 54 መሆን ነበረበት። ወንድ ብለው መዝግበዋት ነበር።

ዋናው ችግር ግን የስማችን ጉዳይ ነው። አልማዝ ከበደ ተስፋዬ የምትባል ሴት እንውሰድ። ይህ በእውነት የገጠመን ነገር ነው፤ ስሙን ብቻ ቀይሬዋለሁ። የመጀመሪያው ወረቀቷ ላይ ኮኞሜ «ከበደ»፣ ስም «አልማዝ» ተባለ። በኋላ ፓስፖርት ስታሳድስ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ አያቷ «ተስፋዬ» ገቡ፤ በስም ቦታ ደግሞ «አልማዝ ከበደ» አንድ ላይ። ለእኛ ያው አንዲት ሴት ናት። ለጣሊያን ግን ሌላ ሰው።

ኮኞሜው TSF ሆነ። ይህ የሚጠበቅ ነው። እኔን ግራ ያጋባኝ የስሟ ክፍል ነው፤ LMZ መሆኑ ቀርቶ LZK ሆኗል። አንድ ማታ ሙሉ የጽሕፈት ስህተት ነው ብዬ ፈለግኩ። ነገሩ ሌላ ነው። ለስም የሚሠራው ደንብ ከኮኞሜ ይለያል፦ ተነባቢዎቹ አራትና ከዚያ በላይ ከሆኑ አንደኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ይወሰዳሉ፤ ሁለተኛው ይዘለላል። «አልማዝ» ብቻ ሲሆን ተነባቢዎቹ L፣ M፣ Z ሦስት ናቸው። «አልማዝ ከበደ» ሲሆን L፣ M፣ Z፣ K፣ B፣ D ስድስት ይሆናሉ፤ ስለዚህ M ወጥታ LZK። የአባት ስም በስም ቦታ ሲገባ ኮዱ በሁለቱም በኩል ይቀየራል ማለት ነው።

ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። የዚች ሴት የሁለት ዓመት የጡረታ መዋጮ፣ ኮንትሪቡቲ የሚሉት፣ በመጀመሪያው ኮድ ተከፍሏል። ቀሪው በሁለተኛው። ከጡረታ መሥሪያ ቤቱ ከኢንፕስ መግለጫዋን ስታወጣ ሁለት ዓመት ባዶ ነው። አሠሪዋ አልከፈለም ብላ ተቀይማው ነበር። ከፍሎ ነበር፤ ለሌላይቱ አልማዝ።

ስለዚህ መዝገቡ ላይ ከማብራሪያው በታች አንድ አንቀጽ ገባ፦ «ፓስፖርት፣ ሶጆርኖ፣ የጤና ካርዱ ቴሴራ ሳኒታሪያ እና የደመወዝ ወረቀት (ቡስታ ፓጋ) አንድ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉ። ኮኞሜና ኖሜ በሚሉት ቦታዎች የተጻፈው አንድ ነው? ኮዲቼው አንድ ነው? ካልሆነ አራቱንም ይዘው ወደ አጄንሲያ ዴሌ ኤንትራቴ ይሂዱ፤ ሁለቱ ኮዶች የአንድ ሰው መሆናቸው እንዲመዘገብ ይጠይቁ። ከዚያ የጸናውን ኮድ ለአሠሪዎ ይስጡ።» ከቃሉ ትርጉም ይልቅ ሰው ፎቶ እያነሳ የሚሄደው ይህን አንቀጽ ነው።

ሳምንት 7

በዚህ ሳምንት እኔ ራሴ ጉዳት አደረስኩ። አንድ ጋሼ ኮዳቸውን አስነበቡኝ። መጨረሻው ላይ Z315 መሆን ሲገባው Z31R ይላል። አዋቂ ነኛ! «ተሳስተውብዎታል» ብዬ ፎርሙ ላይ 5 አድርጌ ሞላሁላቸው። ፎርሙ ተመለሰ።

Z31R ትክክል ነበር። የሁለት ሰዎች ስም ፊደል፣ የልደት ቀንና አገር ሲገጥም አንድ ዓይነት ኮድ ይወጣል። ኦሞኮዲያ ይሉታል። ያኔ መሥሪያ ቤቱ ከቀኝ ጀምሮ አንዱን አኀዝ በፊደል ይተካል፤ 5 ሲሆን R ይገባል፣ የመቆጣጠሪያዋ ፊደልም አብራ ትቀየራለች። ጋሼ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ነው የተመዘገበው። ቀኑን በትክክል የማያውቅ ሰው ሁሉ ጃንዋሪ 1 ሲባል፣ የእኛ ስም ደግሞ ተደጋጋሚ ሲሆን፣ መገጣጠሙ አይገርምም።

ከዚህ የወጣው ደንብ መዝገቡ ውስጥ በ`not` ሥር ገብቷል፦ «ኮዲቼ ፊስካሌ ኢንተርኔት ላይ በራስዎ አስልተው የሚያወጡት ነገር አይደለም። የሚያሰሉ ገጾች አሉ፤ የሚሰጡት ግምት ነው። የእርስዎ ኮድ መሥሪያ ቤቱ የመዘገበው ነው።» መመዝገቡን ለማየት የአጄንሲያው ገጽ ላይ «ቬሪፊካ ኮዲቼ ፊስካሌ» የሚል ቦታ አለ። ጋሼን ይቅርታ ጠይቄ እንደገና ሞላሁላቸው። «አይ ልጄ፣ ሲማሩ ነው» አሉኝ። ማርካ ዳ ቦሎውን ግን እኔ ነኝ የገዛሁት፤ 16 ዩሮ።

ሳምንት 8

ስለ ማርካ ዳ ቦሎ ካነሳሁ አይቀር። «ቦሎ» የምትለዋን ቃል ከጣሊያን ወርሰናታል፤ እኛ ዘንድ ግን ዓመታዊ ምርመራ ያለፈ መኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈው ናት። አንዱ ወንድማችን «ቦሎ አምጣ» ሲሉት «መኪና የለኝም» ብሎ መልሷል። እንደ ሊብሬ ያለች ቃል ከመኪና ጋር ገብታ ከመኪና ጋር ስለቀረች ትጠቅማለች። ቦሎ ግን ታሳስታለች። ስለዚህ ማብራሪያው የሚጀምረው በልዩነቱ ነው፦ «የመኪና ቦሎ አይደለም። ለመንግሥት የሚከፈል ክፍያ ማስረጃ የሆነ ተለጣፊ ነው። T የሚል ምልክት ካለው ትንባሆ መሸጫ ይገዛል። ለሶጆርኖ ማመልከቻ ባለ 16 ዩሮው።» ተለጣፊው ላይ የወጣበት ቀን ታትሟል፤ ከማመልከቻው ቀን በኋላ የተገዛ መሆን የለበትም። ፈርመው ዛሬ፣ ቦሎውን ነገ የሚገዙ አሉ።

ሬዚዴንሳ እና ዶሚቺሊዮን በመጨረሻ ለያየናቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጋቸው ሬዚዴንሳ ሰው በተለመደ ሁኔታ የሚኖርበት ቦታ ነው፤ ዶሚቺሊዮ ደግሞ የጉዳዩና የጥቅሙ ዋና ማዕከል። አማርኛው ደረቅ ሆነብን። በምሳሌ ጻፍነው፦ «አሠሪዎ ቤት ሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚያድሩ ከሆነ የሚኖሩት እዚያ ነው፤ ሬዚዴንሳ እሱ ነው። ደብዳቤዎ የሚገባበት፣ ጉዳይዎን የሚጨርሱበት የእህትዎ ቤት ዶሚቺሊዮ ሊሆን ይችላል።» ሬዚዴንሳ በኮሙኔው የነዋሪዎች መዝገብ በአናግራፌ ይመዘገባል፤ ከዚያ በ45 ቀን ውስጥ የኮሙኔው ሠራተኛ በር አንኳኩቶ ያረጋግጣል። ስለዚህ ደወሉና የፖስታ ሣጥኑ ላይ ስም ይለጠፍ። አገር ቤት «ቀበሌ ተመዝግቤያለሁ» እንደማለት ነው ብለን ጨመርን። ይህኛው ንጽጽር አልከዳንም።

ሳምንት 9

ሕትመት። ፋይሉን በCSV አውጥቼ ለማተሚያ ቤቱ ላክሁ። እነሱ በኤክሴል ሲከፍቱት ግዕዙ ሁሉ የማይነበብ ምልክት ሆነ። ፋይሉን በ`utf-8-sig` ስጽፈው ተስተካከለ። ለማንኛውም ብዬ ሁለተኛ ጊዜ ፊደሉ የታሰረበት ፒዲኤፍ ላክሁ፤ ከመጀመሪያውም እንዲያ ማድረግ ነበረብኝ። 36 ገጽ፣ የደብተር ግማሽ መጠን፣ 50 ቅጂ፣ 62 ዩሮ። ለሦስት ተካፈልነው።

ሳምንት 11

38 ቅጂ ወጥቷል። 64 የነበሩት ቃላት 51 ሆነዋል፤ ማንም ያልጠየቃቸውን 13 አወጣን። የተመለሱት ቅጂዎች ላይ ሰው በእስክሪብቶ የጨመረውን እያየሁ ነው። አራት ሰው ያለ መመካከር ያንኑ ቃል ጽፏል፦ ዴሌጋ። ውክልና ብዬ አልፌው ነበር። ግን እነሱ የሚጠይቁት ጓደኛን በአንድ ወረቀት ፖስታ ቤት ስለመላክ ነው፤ ውክልና ሲሉት ደግሞ አገር ቤት ቤት የሚያሸጥ፣ ውል አዋዋይ ፊት የሚፈረም ነገር ይመስላቸዋል። ያው የ«ግብር» ስህተት። `not` የምትለዋን መስመር ጀምሬአለሁ፦ «ቤት አያሸጥም።»